ምላሽ ላጣ ኢሜይል አራት ማስታወሻ፦ መቼ ይላክ? ምን ይባል?

አዲሱ ምርት ደርሶ ናሙና ወደ ውጭ በሚላክበት ወቅት በብዙ የቡና ላኪ ቢሮዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል። ናሙናው ሄዷል፣ ኢሜይሉም ተልኳል፤ ገዢው ግን ዝም ብሏል። አንዱ ላኪ በሦስተኛው ቀን «ኢሜይሌ ደርሶዎታል?» ብሎ ይጽፋል፤ በአምስተኛው ቀን ያንኑ ይደግማል፤ በሰባተኛው ቀን ተቀይሞ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ሰው መጨቅጨቅ ነውር ነው ብሎ ከመጀመሪያው ኢሜይል በኋላ ምንም ሳይጽፍ ወቅቱ ያልፍበታል። ሁለቱም የሚያጡት ምናልባት ሊገዛ ይችል የነበረን ሰው ነው።

በዚህ መሃል የሚሠራ መንገድ አለ። ከመጀመሪያው ኢሜይል በኋላ አራት ማስታወሻ መላክ በቂም ተገቢም ነው። ነገር ግን የሚላኩበት ቀን የሚቆረጠው በላኪው ጭንቀት ሳይሆን በተቀባዩ የሥራ ሂደት ነው። እያንዳንዱ ማስታወሻም ቀድሞ ያልተነገረ ነገር ይዞ መሄድ፣ ለመመለስም ቀላል የሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ አለበት። ይህን በአንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንየው።

ምሳሌው

አንዲት የአዲስ አበባ ቡና ላኪ በአንድ የአውሮፓ የቡና ትርዒት ላይ ከጀርመን የመጣ፣ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት አገኘች እንበል። ሰውየው «የዘንድሮው ሲደርስ ናሙና ላኪልኝ» ብሎ አድራሻውን ሰጣት። ምርቱ ሲደርስ፣ ማክሰኞ ጥር 26 ቀን 2018፣ 300 ግራም ጥሬ ቡና በፈጣን መልእክት ላከችለት። በዚያው ቀን በጻፈችለት ኢሜይል የቡናውን ዓይነት፣ ብዛቱንና ዋጋውን ገለጸች። ርእሱ «ጉዳዩ፦ የጠየቁት የጉጂ የታጠበ ቡና ናሙና፣ ሎት 14፣ 40 ጆንያ» የሚል ነው። ኢሜይሉ በእርግጥ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምናቀርበው ፍሬ ነገሩን ነው።

ለዚህ ኢሜይል መልስ አልመጣም። ላኪዋ ቀጣዩን ከመጻፏ በፊት ግን ሰውየው ከናሙናው ጋር ምን ምን መሥራት እንዳለበት ማሰብ አለባት። ፓኬቱ በመንገድ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ከደረሰ በኋላ ለናሙና በሚያገለግል ትንሽ መቁያ ይቆላል። የዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር የቅምሻ መመሪያ እንደሚለው የተቆላው ቡና ቢያንስ 8 ሰዓት ማረፍ አለበት፤ ቅምሻውም በተቆላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ይለካል፤ ለአንድ ናሙናም አምስት ኩባያ ይቀርባል። አነስተኛ ድርጅት ይህን ሁሉ ለአንድ ናሙና ብቻ አይደግስም። የበርካታ ላኪዎች ናሙና እስኪጠራቀም ጠብቆ በአንድ ቀን ይቀምሳል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «ቡናውን እንዴት አገኙት?» ብሎ መጠየቅ ሰውየው ገና ላልጨበጠው ነገር መልስ መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ዝምታው የማን እንደሆነ ማወቅ

ማስታወሻ ከመጻፍ በፊት ኢሜይሉ በእርግጥ መድረሱን ማጣራት ያስፈልጋል። አድራሻው ተሳስቶ ከሆነ `550 5.1.1` የሚል ቁጥር ያለበት አጭር መልእክት ከኢሜይል ሰርቨሩ ተመልሶ ይመጣል። ትርጉሙ እንዲህ ያለ የኢሜይል አድራሻ የለም ማለት ነው። ይህን መልእክት ሳያዩ አልፎ ለሌለ አድራሻ አራት ማስታወሻ የሚልክ ሰው አለ። «እስከዚህ ቀን እረፍት ላይ ነኝ» የሚል ራስ ሠራሽ መልስ ከመጣ ደግሞ ሰውየው ከሚመለስበት ቀን በኋላ ሁለት የሥራ ቀን ጨምሮ መቁጠሩን ከዚያ መጀመር ይገባል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ስፓም ነው። ድርጅቱ የራሱ ዶሜን ካለው ወደ ራሳችሁ የጂሜይል አድራሻ አንድ ኢሜይል ላኩና `Show original` የሚለውን ክፈቱ። `SPF: PASS` እና `DKIM: PASS` የሚሉት መስመሮች መኖር አለባቸው። ከሌሉ፣ ወይም `FAIL` የሚል ካለ፣ ችግሩ ከገዢው ሳይሆን ከእናንተ የኢሜይል አቀማመጥ ነው፤ ዶሜኑን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ያስተካክለዋል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ይህን ማረጋገጫ የማያሟሉ ላኪዎችን አጥብቀው ያጣራሉ።

«ኢሜይሉ ተከፍቷል» የሚል ምልክት በሚሰጡ መሣሪያዎች ላይ ግን መደገፍ አይገባም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት በስልኩ የኢሜይል መተግበሪያ ላይ የገባ መልእክት ሰውየው ሳያየውም እንደ ተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። «ሦስት ጊዜ ከፍተውት አየሁ» ብሎ መጻፍ ከሐሰትነቱም በላይ ተቀባዩ እየተሰለለ እንደሆነ እንዲሰማው ያደርጋል።

የመጀመሪያው ማስታወሻ፦ በሰባተኛው ቀን

ፓኬቱ ሰኞ የካቲት 2 መድረሱን የመከታተያ ቁጥሩ አሳየ። ላኪዋ በማግሥቱ፣ ማክሰኞ የካቲት 3፣ እንዲህ ጻፈች።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ማክሰኞ የላክሁልዎ የጉጂ ናሙና ትናንት ቢሮዎ መድረሱን ከመከታተያው አይቻለሁ። ከረጢቱ ላይ ‹ሎት 14› የሚል ተለጥፎበታል። ቅምሻችሁ የሚደረግበትን ቀን ቢነግሩኝ እስከዚያ አላስቸግርዎትም።»

ይህ ማስታወሻ አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። አዲሱ ነገር የፓኬቱ መድረስና የመለያ ጽሑፉ ነው፤ ከሌሎች ናሙናዎች መሃል ለይቶ ለማውጣት ይጠቅመዋል። ጥያቄው ስለ ቡናው ጥራት ወይም ስለ ግዢ ሳይሆን ስለ ቀን ነው፤ ቀን ለመናገር ደግሞ ቡናውን መቅመስ አያስፈልግም። ሰውየው «በሚቀጥለው ሐሙስ» ብሎ ከመለሰ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ ይለወጣሉ፤ ቀጣዩ ማስታወሻ ከዚያ ሐሙስ ሁለት የሥራ ቀን በኋላ ይሆናል ማለት ነው።

የተላከው ለመጀመሪያው ኢሜይል ሪፕላይ በማድረግ ነው። ላኪዋ «የተላኩ» ከሚለው ክፍል ኢሜይሏን አውጥታ፣ ርእሱን ሳትለውጥ ከላዩ ላይ ጻፈች። እንዲህ ሲደረግ ዋጋውና ብዛቱ ከሥሩ ስለሚታይ ተቀባዩ ወደ ኋላ ሄዶ አይፈልግም።

ፓኬት በሌለበት ጉዳይ፣ ለምሳሌ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም የትብብር ጥያቄ ብቻ ሲላክ፣ ይህ የመጀመሪያ ማስታወሻ ከአራት የሥራ ቀን በኋላ ሊሄድ ይችላል። የሚጠበቀው ነገር ቅምሻ ሳይሆን ኢሜይሉን ማንበብ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው፦ ከስምንት ቀን በኋላ

አሁንም መልስ የለም። ረቡዕ የካቲት 11 የተላከው ሁለተኛው ማስታወሻ ገዢው ለመወሰን የሚረዳውን መረጃ ይዟል።

«ለቅምሻ ማስታወሻዎ የሚጠቅም ተጨማሪ መረጃ ልስጥዎት። የሎት 14 የእርጥበት መጠን 10.8 በመቶ ነው። እርሻዎቹ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ላይ ይገኛሉ፤ የእያንዳንዳቸው የመገኛ ነጥብም በፋይል ተዘጋጅቷል። ናሙናውን ቀምሳችሁታል ወይስ ገና ነው? አንድ ቃል ይበቃኛል።»

የመገኛ ነጥቡ እዚህ የገባው እንዲሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበትን ቦታ መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ገዢዎች ከወዲሁ ያስቡበታል። ፋይሉ ዝግጁ መሆኑን የሰማ ገዢ አንድ ትልቅ ሥጋት ይቀልለታል። ለሁለተኛ ማስታወሻ የሚመረጠው መረጃ ሁልጊዜ እንዲህ መሆን አለበት፤ ገዢው ሊያነሳው የሚችለውን ጥያቄ ቀድሞ የሚመልስ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ በማፍሰስ ነው። የእርሻው ፎቶዎች፣ የድርጅቱ ታሪክ፣ የምስክር ወረቀቶች ቅጂና ቪዲዮ ተያይዘው ይላካሉ። ኢሜይሉ ከብዶ ስፓም ውስጥ ባይገባ እንኳ ተቀባዩ «ጊዜ ሳገኝ አነበዋለሁ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ የተቀመጠ ኢሜይል ደግሞ ይረሳል። ለዚህ ነው መረጃው በጽሑፉ ውስጥ በሦስት መስመር ተጽፎ፣ ፋይሉ መኖሩ ብቻ የተነገረው። የፈለገ ይጠይቃል፤ ከጠየቀም ዝምታው ተሰበረ ማለት ነው።

ሦስተኛው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁለት መልስ ያላገኙ ማስታወሻዎች በአንድ ርእስ ሥር ከተደራረቡ በኋላ ሦስተኛውን እዚያው ላይ መጨመር ብዙም አይረዳም። ሰውየው ያንን ርእስ ማለፍ ለምዷል፤ ወይም ገና ከመጀመሪያው ስፓም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረቡዕ የካቲት 25 የተላከው ማስታወሻ በአዲስ ርእስ የሚጀምር አዲስ ኢሜይል ነው፦ «ጉዳዩ፦ ሎት 14 እስከ ሰኞ ማርች 16 ተይዞልዎታል»።

«ለእርስዎ ያቆየሁት 40 ጆንያ እስከ ሰኞ ማርች 16 ይቆይልዎታል። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ገዢዎች አቀርበዋለሁ። ከሚከተሉት የአንዱን ቁጥር ብቻ ቢመልሱልኝ ይበቃል። 1፦ ቡናውን እንፈልገዋለን። 2፦ ቡናው ጥሩ ነው፣ ብዛቱ ግን ለእኛ አይሆንም። 3፦ ዘንድሮ አያስፈልገንም።»

ከአራቱ ማስታወሻዎች ከባዱን ሥራ የሚሠራው ይህ ነው። ገዢው ዝም የሚልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት «አይሆንም» ማለት ስለሚከብደው ነው፤ በተለይ ናሙና በነፃ ለላከለት ሰው። እዚህ ግን እምቢታው ተጽፎ ቀርቦለታል፤ እሱ ቁጥር ብቻ ይጽፋል። ሁለተኛው አማራጭ ደግሞ ላኪዋ የገመተችውን እውነተኛ እንቅፋት ያወጣል። 40 ጆንያ በ60 ኪሎ ሲባዛ 2,400 ኪሎ ነው፤ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ደግሞ 320 ጆንያ ያህል ይይዛል። አነስተኛ ቆይ ይህን ብዛት በአንዴ ላይፈልግ ይችላል፣ ለብቻውም ኮንቴይነር አይሞላም። «2» የሚል መልስ ከመጣ የሚቀጥለው ንግግር ስለ 10 ጆንያ፣ ማለትም ስለ 600 ኪሎ፣ እንዲሁም ጀርመን ውስጥ መጋዘን ባለው አስመጪ በኩል ስለ ማስገባት ይሆናል።

የጊዜ ገደቡ ግን እውነት መሆን አለበት። ላኪዋ ማርች 16ን የመረጠችው ቡናው ወደ ጅቡቲ ከሚጫንበት ቀን በፊት ሌላ ገዢ ለመፈለግ ጊዜ እንዲኖራት ነው። ቀኑ ሲደርስ ሎቱን በእርግጥ ለሌላ ካላቀረበች፣ በሚቀጥለው ዓመት «እስከዚህ ቀን» ስትል የሚያምናት አይኖርም። ቀኑንም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፋ አስቀመጠች። 03/04 ብሎ መጻፍ ለጀርመናዊ ኤፕሪል 3፣ ለአሜሪካዊ ማርች 4 ነውና በገደብ ቀን ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ሎቱን ያሳጣል።

አራተኛው፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ገደቡ አለፈ፤ ሎቱም ለሌሎች ቀረበ። የመጨረሻው ማስታወሻ ረቡዕ መጋቢት 16 ተላከ። ይህኛው ለመጀመሪያው ኢሜይል ሪፕላይ ሆኖ ወደ ቀድሞው ርእስ ተመልሷል።

«እንደነገርኩዎት ሎት 14ን ለሌሎች ገዢዎች አቅርቤዋለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አልጽፍልዎትም። ጉዳዩ የሌላ የሥራ ባልደረባዎ ከሆነ ይህን ኢሜይል ቢያስተላልፉላቸው አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ምርት ናሙና ሲዘጋጅ አንድ ኢሜይል እልክልዎታለሁ፤ ያንን የማይፈልጉ ከሆነ ‹አይላክልኝ› ብለው ይመልሱልኝ።»

ወደ ቀድሞው ርእስ የተመለሰችበት ምክንያት ኢሜይሉ ለሌላ ሰው ቢተላለፍ የቡናው ዝርዝርና የመጀመሪያዎቹ ማስታወሻዎች አብረው እንዲሄዱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ወቀሳ የለም። «ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት አልመለሱም» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም የሚመልሰውን ሰው አስቀድሞ ጥፋተኛ ያደርገዋል፤ ጥፋተኛ የሆነ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። ልመናም የለም። ጉዳዩ በአክብሮት ተዘግቷል፤ በሩ የሚከፈትበት ወቅትም ተነግሯል።

ቃል የተገባው መጠበቅ አለበት። ከአራተኛው በኋላ አምስተኛ መላክ የአራተኛውን ቃል ያፈርሳል። መልሱ በማንኛውም ደረጃ ላይ ከመጣ ደግሞ የቀሩት ማስታወሻዎች ወዲያው ይቆማሉ። አስቀድሞ ቀን ተሞልቶላቸው በራሳቸው የሚላኩ ማስታወሻዎች አደጋቸው እዚህ ላይ ነው፤ ጠዋት «አንፈልግም» ላለ ሰው ከሰዓት በኋላ «ቀምሳችሁታል?» የሚል ሊደርሰው ይችላል።

ቀንና ሰዓት

በምሳሌያችን ርቀቶቹ ሰባት፣ ስምንት፣ አሥራ አራትና ሃያ አንድ ቀን ናቸው፤ በድምሩ 50 ቀን። እየሰፉ የሚሄዱት በምክንያት ነው። መጀመሪያ ላይ ጉዳዩ ትኩስ ስለሆነ አጭር ርቀት ያስታውሳል። ቆይቶ ግን ዝምታው ራሱ «አሁን አልችልም» የሚል ትርጉም እየያዘ ይመጣል፤ ለዚያ መልስ የሚሆነው ደግሞ ጊዜ መስጠት ነው።

ማስታወሻዎቹ ሁሉ ማክሰኞና ረቡዕ መላካቸው ሰኞ ጠዋት የሚጠራቀመውን የኢሜይል ክምርና የዓርብ ከሰዓትን ለማለፍ ነው። በክረምታቸው ወራት ጀርመን ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የተላከ ኢሜይል ለእነርሱ ሥራ በሚጀመርበት 9 ሰዓት ይደርሳል። ተቀባዩ እስራኤል ከሆነ የሥራ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያም እንዲሁ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ከሰኞ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ይሠራሉ። የተቀባዩን በዓላት ማየትም ያስፈልጋል፤ የእነርሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር የማይገጥምባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ሕጉ የሚያሰምረው መስመር

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰውየው ናሙናውን ራሱ ስለጠየቀ ነው። የጀርመን የንግድ ውድድር ሕግ አንቀጽ 7 አስቀድሞ ፈቃድ ላልሰጠ ሰው የማስታወቂያ ኢሜይል መላክን እንደ ትንኮሳ ያየዋል፤ ተቀባዩ ድርጅት ቢሆንም እንኳ። አሜሪካ በዚህ ላላ ትላለች። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕጓ የላኪው የፖስታ አድራሻ እንዲገለጽ፣ «አትላኩልኝ» ያለ ሰው ጥያቄ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲፈጸምለት፣ ርእሱም እንዳያታልል ያዝዛል። ከዚህ በፊት ምንም ላልተጻጻፉት ሰው በርእሱ መጀመሪያ ላይ `Re:` ጨምሮ የቆየ ንግግር ማስመሰል በዚህ ረገድ የሚያስጠይቅ ነው፤ ተቀባዩም ከከፈተው በኋላ ማታለሉን ስለሚያውቅ ለላኪው ምንም አይጠቅመውም።

እንግዲህ ናሙና ወይም ዋጋ የምትልኩ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ኢሜይል በላካችሁበት ቀን አራቱንም ማስታወሻዎች ረቂቅ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ቀኖቹንም በተቀባዩ ሥራ ልክ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። አንዱን ማስታወሻ ጽፋችሁ ስታነቡት ቀድሞ ያልነገራችሁት አዲስ ነገር ካላገኛችሁበት አትላኩት፤ የሚነገር ነገር እስክታገኙ ድረስ ቀኑን አራዝሙት።